የማጥሪያ ሠንጠረዥ አሠራር፦ ኤልዲኤችን ከበሬ ሥጋ ስናወጣ ዩኒቱን መቁጠር

ማስተርሴን ስሠራ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያው የማጥሪያ ሠንጠረዥ ሁለተኛ ረድፉ ላይ «ዪልድ 141%» ይላል። ደስ ብሎኝ ለአማካሪዬ ወስጄ አሳየሁ። ቁጥሩን አዩና «ከመቶው በላይ ያለውን 41 ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ፕሮቲን ሲጠራ ኢንዛይም በየደረጃው ይንጠባጠባል እንጂ አይወለድም። ሁለተኛውን ረድፍ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ለካሁት፤ አልተለወጠም። ስህተቱ ለካ ከሱ በላይ ያለው፣ ማንም የማይጠረጥረው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነበር።

በሠንጠረዡ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ እጥፍና እያንዳንዱ ዪልድ የሚካፈለው ለመጀመሪያው ረድፍ ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ረጅም ጊዜ የምቆየው እሱ ላይ ነው፤ ቀሪው የማባዛትና የማካፈል ሥራ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

ምሳሌዬ ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለው ኢንዛይም ነው፤ ላብ ውስጥ ኤልዲኤች እንለዋለን። ጡንቻ ውስጥ በብዛት ይገኛል፣ ልኬቱ ቀላል ነው፣ ጥሬ ዕቃውም ሥጋ ቤት አለ። ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመቹ ሳስተካክላቸው፣ ከእንዲህ ዓይነት ሥራ ከሚጠበቀው እንዳይርቁ ተጠንቅቄአለሁ።

ሦስቱ ቁጥሮች ምን እንደሚሉ

ሠንጠረዡን እንደ ሱቅ ደብተር እዩት። ዪልድ «ከያዝኩት ኢንዛይም ውስጥ ስንት በመቶው እጄ ላይ ቀረ?» ይላል። ስፔሲፊክ አክቲቪቲ ደግሞ በአንድ ሚሊግራም ፕሮቲን ውስጥ ስንት ዩኒት ኢንዛይም እንዳለ ይናገራል፤ ሌላው ፕሮቲን በተወገደ ቁጥር ይህ ቁጥር ይወጣል። እጥፍ የምንለው የአሁኑ ስፔሲፊክ አክቲቪቲ ለመጀመሪያው ሲካፈል ነው። አንድ ዩኒት ማለት በተወሰነ ሙቀትና ፒኤች በደቂቃ አንድ ማይክሮሞል ንጥረ ነገር የሚለውጥ የኢንዛይም መጠን ነው። «በተወሰነ ሙቀት» የሚለውን አቅልላችሁ አትዩት፤ ጠዋት በ22 ዲግሪ፣ ከሰዓት በ27 ዲግሪ የተለኩ ሁለት ረድፎች አይወዳደሩም። እኔ ሁሉንም በ25 እለካለሁ።

ደረጃ 1፦ ጭማቂውን ማውጣት፣ መጠኑንም ወዲያው መለካት

50 ግራም ቀይ የታፋ ሥጋ ውሰዱ፤ ስቡንና ጅማቱን አውጡ፣ ከትፉት። 150 ሚሊ ሊትር በበረዶ የቀዘቀዘ የፎስፌት ባፈር ጨምራችሁ በብሌንደር ፍጩት፤ በሴንትሪፉጅ አዙሩትና ከላይ የቀረውን በሻሽ አጥልሉት። ቀይ ፈሳሽ ታገኛላችሁ። በምሳሌያችን 140 ሚሊ ሊትር ወጣ።

አሁን ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ጠቅላላ መጠኑን በመለኪያ ሲሊንደር ለክታችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ናሙና ቅዱ፤ ከዚያ ብቻ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ። ፈሳሹን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ፣ አሞኒየም ሰልፌቱን ጨምሮ፣ ማታ ላይ «ስንት ነበር?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። መጠኑ ከሌለ ረድፉ የለም፤ በግምት ሊሞላም አይችልም።

የኤልዲኤች ናሙና አይቀዘቅዝም፤ ማለቴ ፍሪዘር አይገባም። የጡንቻው ዓይነት ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ አክቲቪቲው ይወርዳል። የየደረጃውን አክቲቪቲ በዕለቱ፣ ናሙናው በረዶ ላይ እንዳለ ለኩ። ለፕሮቲን መለኪያ የሚሆነውን ግን ለብቻው ከፍላችሁ ማቀዝቀዝ ትችላላችሁ፤ እንዲያውም የሁሉም ደረጃ ፕሮቲን በአንድ ቀን፣ በአንድ መለኪያ መስመር ቢለካ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ አክቲቪቲውን መለካት፣ የእኔም ስህተት

ኤልዲኤች ፓይሩቬትን ወደ ላክቴት ሲቀይር ኤንኤዲኤችን ያቃጥላል። ኤንኤዲኤች 340 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ይውጣል፣ ሲቃጠል ግን አይውጥም። ስለዚህ በስፔክትሮፎቶሜትሩ የምናየው ንባቡ በደቂቃ ምን ያህል እንደወረደ ነው። ኩቬቱ ውስጥ በጠቅላላ 1 ሚሊ ሊትር ይሁን፦ ፒኤች 7.5 የሆነ ፎስፌት ባፈር፣ 1 ሚሊሞላር ገደማ ፓይሩቬት፣ 0.15 ሚሊሞላር ኤንኤዲኤች፤ በመጨረሻ 10 ማይክሮ ሊትር ኢንዛይም። ፓይሩቬቱን «ይብዛ፣ አይጎዳም» ብላችሁ አትጨምሩ፤ ሲበዛ ራሱ ኤልዲኤችን ይገታል።

ስሌቱ ይኸው፦

```
U/mL = (dA/min × Vt × DF) / (6.22 × Ve)
```

`Vt` የኩቬቱ ጠቅላላ መጠን፣ `Ve` የኢንዛይሙ መጠን ሲሆን ሁለቱም በሚሊ ሊትር ነው፤ `DF` ናሙናው ስንት ጊዜ እንደቀጠነ ያሳያል። 6.22 የኤንኤዲኤች ብርሃን የመዋጥ መጠን ነው፤ በ1 ሴንቲ ሜትር ኩቬት 1 ሚሊሞላር ኤንኤዲኤች 6.22 ያሳያል።

ጭማቂውን 50 ጊዜ አቅጥኜ ስለካው ንባቡ በደቂቃ 0.1284 ወረደ። ፓይሩቬት ሳይጨመር ያው ናሙና 0.0040 ወርዷል። ይህችኛዋ በኤልዲኤች አልመጣችም፤ ጭማቂው ውስጥ ያሉ ሌሎች ኢንዛይሞች ኤንኤዲኤችን በራሳቸው ሲያቃጥሉ ነው፤ ስለዚህ ትቀነሳለች። 0.1244 ይቀራል። በ0.0622 ሲካፈል 2፤ በ50 ሲባዛ 100 ዩኒት በሚሊ ሊትር። በ140 ሚሊ ሊትር ሲባዛ 14,000 ዩኒት ሆነ። ደብተራችን የተከፈተው በዚህ ነው።

የእኔ 141% የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጭማቂውን በ50 ፈንታ በ10 ብቻ አቅጥኜ ነበር። ምን እንደሆነ እዩ፦ በ10 የቀጠነው ናሙና ንባቡን በደቂቃ 0.62 ማውረድ ነበረበት። ኩቬቱ ሲጀመር ያለው ንባብ ግን ጠቅላላው 0.93 ነው። ፒፔቱን አስቀምጬ፣ ኩቬቱን ገልብጬ ቀላቅዬ፣ ክዳኑን ዘግቼ «ጀምር» እስክል ግማሽ ደቂቃ አለፈ። ማሽኑ ማንበብ ሲጀምር አንድ ሦስተኛው ኤንኤዲኤች ተበልቷል፤ ቀሪውም በደቂቃው ውስጥ እያለቀ ስለነበር መስመሩ እየተኛ ሄደ። ማሽኑ አማካዩን 0.34 ብሎ ሰጠኝ፤ እኔም አመንኩት። ጭማቂው 55 ዩኒት ገደማ በሚሊ ሊትር ሆኖ ታየ፤ ጠቅላላው 7,650። ሁለተኛው ደረጃ በትክክል ተለክቶ 10,800 ሲሰጥ ዪልዱ ከመቶ አለፈ።

ከዚህ የከፋው ዪልዱ አይደለም፤ እሱ ጮሆ ይናገራል። የከፋው እጥፉ ነው፤ ዝም ብሎ ያምራል። በዚያው ስህተት ሦስት እጥፍ የነበረው ማጥራት 5.5 እጥፍ መስሎ ታየ፤ ማንም ደግሞ «ለምን አማረ?» ብሎ አይጠይቅም።

መድኃኒቱ ሁለት ደቂቃ የማይወስድ ነው። ማንኛውንም ናሙና ከለካችሁ በኋላ ኢንዛይሙን በግማሽ ቀንሳችሁ፣ ማለትም በ5 ማይክሮ ሊትር ወይም በእጥፍ አቅጥናችሁ፣ እንደገና ለኩ። ውርዱም በግማሽ ከቀነሰ ቁጥሩ እውነት ነው። ካልቀነሰ ገና ይቅጠን። እኔ ውርዱ በደቂቃ ከ0.05 እስከ 0.2 ባለው ውስጥ እስኪገባ ድረስ አልጽፍም፤ መስመሩንም በዓይኔ አያለሁ እንጂ ማሽኑ የሚሰጠኝን አንድ ቁጥር ብቻ አልወስድም።

ደረጃ 3፦ ፕሮቲኑን መለካት

ፕሮቲንን በቀለም የሚለካው የብራድፎርድ ዘዴ ይበቃል። የከብት ሴረም አልቡሚን ከ0.1 እስከ 1 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ባለው መስመር ለክታችሁ፣ ናሙናውን እዚያ መሃል እንዲያርፍ አቅጥኑት። የእኛ ጭማቂ 30 ጊዜ ቀጥኖ 0.5 ሰጠ፤ ስለዚህ 15 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር፣ በጠቅላላ 2,100 ሚሊግራም። 14,000 ለ2,100 ሲካፈል ስፔሲፊክ አክቲቪቲው 6.67 ነው።

ብራድፎርድ የተለያዩ ፕሮቲኖችን በእኩል ዓይን አያይም፤ ስለዚህ የሚሰጠው ቁጥር ፍጹም አይደለም። ሆኖም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ረድፍ በአንድ ዘዴ ከተለካ ንጽጽሩ ይሠራል። ጭማቂውን በብራድፎርድ፣ የመጨረሻውን ደግሞ በ280 ናኖሜትር ለክቶ ማካፈል ግን ብርን በዶላር እንደማካፈል ነው። በተለይ በዚህ ሥራ 280 አይሆንም፤ ከዓምዱ ኢንዛይሙን የምናወርደው በኤንኤዲኤች ነው፣ እሱም በዚያ አካባቢ ብርሃን ስለሚውጥ ፕሮቲን ይመስላችኋል።

ሌላ ወጥመድ አለ። የጠራ ኤልዲኤች በጣም ሲቀጥን በቱቦው ግድግዳ ላይ እየተጣበቀ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለአክቲቪቲ ስናቀጥነው አልቡሚን ያለበት ባፈር እንጠቀማለን። ጥሩ ነው፤ ግን ያቺኑ ቱቦ ወስዶ ብራድፎርድ የሠራ የላብ ጓደኛ ነበረኝ። የለካው የራሱን አልቡሚን ነው። ሁለቱን ቱቦዎች በተለያየ ቀለም እስክርቢቶ ጻፉባቸው።

ደረጃ 4፦ አሞኒየም ሰልፌት፣ የጠፋውንም መፈለግ

ፕሮቲን የሚያዘቅጠውን ይህን ጨው ጭማቂው ላይ ጨምሩ፤ ከ40 እስከ 65 በመቶ ሙሌት ባለው መሃል የወረደውን ዝቃጭ በትንሽ ባፈር አሟሙታችሁ፣ ጨው እንዲወጣለት በከረጢት ዳያሊሲስ አድርጉት። ከከረጢቱ ሲወጣ 18 ሚሊ ሊትር ሆኗል። ከረጢቱ ውስጥ ስታስገቡት 14 ነበር ብላችሁ 14ን አትጻፉ፤ ጨው የበዛበት ፈሳሽ በዳያሊሲስ ጊዜ ውኃ ስቦ ያብጣል። የሚጻፈው አክቲቪቲው በተለካበት ሰዓት ያለው መጠን ነው። 600 ዩኒት እና 30 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ለካን፤ በጠቅላላ 10,800 ዩኒት እና 540 ሚሊግራም። ስፔሲፊክ አክቲቪቲ 20፣ እጥፍ 3፣ ዪልድ 77 በመቶ።

23 በመቶው የት ሄደ? «ጠፋ» ብላችሁ አትለፉ። በ40 በመቶ የወረደውን የመጀመሪያ ዝቃጭና ከ65 በኋላ ሳይወርድ የቀረውን ፈሳሽ፣ ሥራው እስኪያልቅ አትድፉ። ሁለቱንም ለኩ። በምሳሌያችን ዝቃጩ 900፣ ፈሳሹ 1,200 ዩኒት ይዘዋል። ከ10,800 ጋር ሲደመር 12,900 ነው። የጎደለው 1,100፣ ማለትም 8 በመቶ ገደማ፣ ከዳያሊሲሱና ከልኬቱ መወላገድ የሚጠበቅ ነው። ሒሳቡ ገጥሟል። ፈሳሹ ውስጥ 4,000 ዩኒት ቢገኝ ኖሮ 65ቱን ወደ 70 ከፍ አድርጉ ማለት ነበር። ሁሉም ተደምሮ 6,000 ብቻ ቢሆን ኢንዛይሙ ሞቷል፤ ያኔ ሙቀቱንና ፒኤቹን ፈትሹ እንጂ ሙሌቱን አትነካኩ። የደረጃ ዪልድ ብቻውን እነዚህን ሁለቱን አይለይላችሁም።

ደረጃ 5፦ ሰማያዊው ዓምድ፣ ያልተጫነው 3 ሚሊ ሊትርም

ሲባክሮን ብሉ የተያያዘበት ዓምድ ኤንኤዲኤችን የሚያቅፉ ኢንዛይሞችን ይይዛል። ከ18ቱ 15 ሚሊ ሊትሩን ጫንን፤ 3ቱን ለመጠባበቂያ አስቀረን። ታጥቦ በኤንኤዲኤች ሲወርድ ባለ 4 ሚሊ ሊትር ክፍልፋዮች ሰበሰብን፤ ሦስቱን ጥሩዎች አንድ ላይ ስናደርግ 12 ሚሊ ሊትር፣ 525 ዩኒትና 1.5 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር።

6,300 ዩኒት ሆነ። ለ14,000 ሲካፈል 45 በመቶ ነው። ግን ይህ ዓምዱን መበደል ነው፤ ያላየውን 3 ሚሊ ሊትር እንደ ጠፋ ቆጠርንበት። ዓምዱ የተቀበለው 9,000 ዩኒት ሲሆን የመለሰው 6,300፣ ማለትም 70 በመቶ ነው። ለማስተካከል ጠቅላላውን በ18/15፣ በ1.2 ማባዛት ይበቃል፤ 7,560 ይሆናል፣ ዪልዱም 54። ሚሊግራሙም በዚያው ይባዛል፤ ሁለቱ አብረው ስለሚባዙ ስፔሲፊክ አክቲቪቲው አይነካም። እጃችሁ ላይ በእውነት ያለው ግን 6,300 መሆኑን ከሠንጠረዡ ሥር ጻፉ።

አራተኛውን ክፍልፋይ ለምን ተውነው? 240 ዩኒት ነበረው፣ ከ4 ሚሊግራም ፕሮቲን ጋር። ብንጨምረው ዪልዱ ከ54 ወደ 56 ይወጣል፤ ስፔሲፊክ አክቲቪቲው ግን ከ350 ወደ 297 ይወርዳል። ለሁለት ነጥብ ዪልድ ይህን ያህል ቆሻሻ አልከፍልም። ቀጥሎ ሌላ ዓምድ ቢኖረኝ ምናልባት እከፍል ነበር። እዚህ ላይ ሕግ የለም፤ ነገር ግን ክፍልፋዮችን በዓይን ከመሰብሰብ ይልቅ በዚህ ሒሳብ መወሰን ይቻላል።

ሠንጠረዡ

በኤክሴል አምዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ ደርድሩ፦ ደረጃ (`A`)፣ መጠን በሚሊ ሊትር (`B`)፣ ዩኒት በሚሊ ሊትር (`C`)፣ ሚሊግራም በሚሊ ሊትር (`D`)፣ ማስተካከያ (`E`)። በእጅ የሚሞሉት እነዚህ ብቻ ናቸው። ቀሪውን ቀመሩ ይሠራል፦

```
F2: =B2*C2*E2
G2: =B2*D2*E2
H2: =F2/G2
I2: =H2/H$2
J2: =100*F2/F$2
```

ወደ ታች ስትጎትቱት የዶላር ምልክቷ የጭማቂውን ረድፍ፣ ኤክሴል ላይ 2 ቁጥሩን፣ ታስራለች፤ ከረሳችኋት እያንዳንዱ ረድፍ ለራሱ ተካፍሎ እጥፉ ሁሉ 1 ይሆናል። ማስተካከያው ከደረጃ ደረጃ ይባዛል፤ ከ12ቱ 10 ሚሊ ሊትሩን ብቻ ወደ ሌላ ዓምድ ብትጭኑ የሚቀጥለው ረድፍ 1.2 × 12/10፣ ማለትም 1.44 ይሆናል።

| ደረጃ | መጠን | ማስተካከያ | ጠቅላላ ዩኒት | ጠቅላላ ሚ.ግ. | ስፔሲፊክ አክቲቪቲ | እጥፍ | ዪልድ % |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ጭማቂ | 140 | 1 | 14,000 | 2,100 | 6.67 | 1 | 100 |
| አሞኒየም ሰልፌት | 18 | 1 | 10,800 | 540 | 20 | 3 | 77 |
| ሰማያዊ ዓምድ | 12 | 1.2 | 7,560 | 21.6 | 350 | 53 | 54 |

ኤክሴል እጥፉን 52.5 ይላል፤ እኔ 53 እጽፋለሁ። ብራድፎርድ አሥር በመቶ ወዲህና ወዲያ በሚልበት ሥራ ላይ ከዚያ በላይ አኃዝ መደርደር ማሳመር ነው።

ቁጥሩ ሲያስቸግር

ዪልድ ከ100 ሲያልፍ መጀመሪያ የምጠረጥረው ከላይ ያልኩትን የማቅጠን ስህተት ነው። እሱ ካልሆነ ጭማቂው ውስጥ ኢንዛይሙን የሚገታ ነገር ነበረ፣ በሁለተኛው ደረጃ ተወግዶ ኢንዛይሙ ነፃ ወጣ ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ ይከሰታል፤ ግን ሰው የሚያመካኝበትን ያህል አይደለም። መለያው ቀላል ነው፦ ከጭማቂው ትንሽ ወስዳችሁ ከጠራው ናሙና ጋር ቀላቅሉና ለኩ። የሁለቱ ድምር ከወጣ የሚገታ ነገር የለም፤ ከድምሩ ካነሰ አለ።

ዪልዱ ደህና ሆኖ እጥፉ ካልጨመረ፣ ያ ደረጃ ሁሉንም እኩል አሳልፏል፤ ጊዜና ገንዘብ እንጂ ምንም አላጠራም፣ ይውጣ። እጥፉ ከወረደ ደግሞ ፕሮቲኑ እጃችሁ ላይ አለ፣ አክቲቪቲው ግን ሞቷል ወይም ኢንዛይሙ በሌላው ክፍል ሄዷል።

53 እጥፍ ማለት ንጹሕ ማለት አይደለም። ጡንቻ ውስጥ ኤልዲኤች ብዙ ስለሆነ በጥቂት አሥር እጥፍ ሊጠራ ይችላል፤ ከስንት አንድ የሚገኝ ኢንዛይም ግን ሺህ እጥፍ ጠርቶም ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚፈርደው ጄል ነው። ከየደረጃው እኩል ማይክሮግራም ፕሮቲን በኤስዲኤስ ጄል አሂዱ፤ 35 ኪሎዳልተን አካባቢ ያለችው መስመር ከረድፍ ወደ ረድፍ እየደመቀች፣ ሌሎቹ እየደበዘዙ መሄድ አለባቸው። ሠንጠረዡ 53 እጥፍ እያለ ጄሉ ላይ ሦስተኛው ረድፍ ከሁለተኛው ካልተለየ፣ ወደ ብራድፎርዱ ተመለሱ፤ ምናልባት ያቺን አልቡሚን ያለባትን ቱቦ ነው የጫናችሁት፤ 66 ኪሎዳልተን ላይ ወፍራም መስመር ካያችሁ ደግሞ ምናልባት አትበሉ።